ከዜሮ ተነስቶ «100% አደገ» አይባልም፦ ስለ ኬፒአይ ካርዶች ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

«ኬፒአይ ካርድ ላይ ዜሮን አትፍሩት። ያለፈው ወር ዜሮ ከሆነ ለውጡን 100% በሉት። ወደ ዜሮ መውረድ −100% ከሆነ ከዜሮ መነሳት +100% መሆኑ ሚዛናዊ ነው። 100% ካልተዋጠላችሁ ዜሮውን በ1 ተኩትና ቀመሩ ይሥራ። እሱንም ካልወደዳችሁት በ`COALESCE` 0% አድርጉት፤ ባዶ ካርድ ደንበኛን ያስደነግጣል። ደግሞስ ወርን ከወር ለሚያነጻጽር ሰው ዜሮ ስንቴ ያጋጥመዋል? ብርቅ ነው፤ ብዙ አትጨነቁበት።»

ይህ ጽሑፍ ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ ለሱቅና ለምግብ ቤት ዳሽቦርድ በምንሠራ ሰዎች መካከል በቴሌግራም ሲዘዋወር ነበር። ጸሐፊው ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። የተነሳበት ችግርም እውነተኛ ነው። ካርድ ላይ `Infinity%` ወይም `NaN` ብቅ ሲል ባለሱቁ የሚያስበው «ሲስተሙ ተበላሸ» ብሎ ነው። ፖስትግሬስ ላይ ደግሞ በዜሮ ማካፈል ኩዌሪውን ራሱን በስህተት ያቆመዋል። በአንድ ዕቃ ዜሮ ምክንያት ገጹ በሙሉ ሳይከፈት ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አንድ ነገር መደረግ አለበት በሚለው ላይ አንለያይም። የምንለያየው ምን ይደረግ በሚለው ነው።

ክርክሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ ሥጋ ቤት እንውሰድ። ባለቤቱ ሑዳዴን ሙሉ ይዘጋል። የጾሙና የበዓሉ ቀኖች ትክክለኛዎቹ የ2016 እና የ2017 ቀኖች ናቸው። የኪሎው መጠን ግን ስሌቱን ለማሳየት እኔ ያስቀመጥኩት ነው።

በ2017 ሑዳዴ የካቲት 17 ገባ። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። መጋቢት ከ1 እስከ 30 ሙሉ በሙሉ ጾም ውስጥ ነበር ማለት ነው። ሥጋ ቤቱ የካቲት ላይ 900 ኪሎ ሸጠ፤ መጋቢት 0፤ ሚያዝያ 1,400 ኪሎ። ሚያዝያ 30 ማታ ባለቤቱ ስልኩን ከፍቶ ካርዱን ያያል። ትልቁ ቁጥር 1,400 ነው። ከሥሩ ያለችው ትንሿ መቶኛ ምን ትበል?

«100%» ብትል ችግሩ ይህ ቁጥር ቀድሞውኑ ሥራ ያለው መሆኑ ነው። 100% አደገ ማለት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ከ700 ወደ 1,400 የሄደ ሽያጭ 100% አድጓል። ዜሮ ግን እጥፍ ቢሆን ያው ዜሮ ነው። ካርዱ 1,400 ኪሎ ብሎ ከሥሩ +100% ካለ፣ አንባቢው በልቡ ወደ ኋላ አስልቶ «መጋቢት 700 ኪሎ ነበር» ይላል። ሱቁ ውስጥ የሚውለው ባለቤት አይሳሳት ይሆናል። ካርዱን የሚያየው ግን እሱ ብቻ አይደለም። ሌላ ከተማ ያለ ሸሪኩም፣ ሒሳብ የሚሠራለትም ሰው ያየዋል። እነሱ መጋቢት ተዘግቶ እንደነበር ከካርዱ ላይ የሚያውቁበት መንገድ የለም።

በዚያ ላይ ከዜሮ ወደ 2 ኪሎ የሄደ ጉበትና ከዜሮ ወደ 1,400 ኪሎ የሄደ ሥጋ እኩል 100% ይሆናሉ። ዕቃዎቹን በዕድገት ቅደም ተከተል ብትደረድሯቸው፣ ሁለት ኪሎ የተሸጠው ጉበት በእውነት 60% ካደገው ዕቃ በላይ ይቀመጣል።

የሚዛናዊነቱ ክርክር ግን በቁም ነገር መመለስ አለበት። ከጽሑፉ ውስጥ በጣም የሚማርከው እሱ ነው፤ ሲሰሙትም ትክክል ይመስላል። ወደ ዜሮ መውረድ −100% መሆኑ እውነት ነው። የካቲት 900፣ መጋቢት 0፤ ልዩነቱ −900፣ ለ900 ሲካፈል −100%። ካርዱ መጋቢት ላይ ይህንን ማሳየት አለበት፣ ምንም ስህተት የለበትም። ስህተቱ መቶኛ ሲወርድና ሲወጣ እኩል ነው ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። እኩል ሆኖ አያውቅም። ከ100 ወደ 50 ስንወርድ −50% ነው፤ ከ50 ወደ 100 ስንመለስ +100%። ከ1,400 ወደ 14 ስንወርድ −99% ነው፤ ከ14 ወደ 1,400 ስንመለስ +9,900%። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ስንወርድ የምናካፍለው ለትልቁ ቁጥር ነው፣ ስንወጣ ለትንሹ። ትንሹ ቁጥር ወደ ዜሮ እየተጠጋ ሲሄድ መውረጃው −100% ላይ ይቆማል። መውጫው ግን ማቆሚያ የለውም፣ እያደገ ይሄዳል። ዜሮው ላይ ስንደርስ የምንጽፈው ቁጥር አይኖርም። 100% እዚያ ቦታ ላይ ከየትም የመጣ ቁጥር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጽሑፉ ያስቀመጠው ኮድ `CASE WHEN prev = 0 THEN 100` ይላል። አሁን የተሸጠው ምን ያህል እንደሆነ አይጠይቅም። ሥጋ ቤቱ ሳምንትን ከሳምንት የሚያነጻጽር ካርድ ቢኖረው፣ የሑዳዴ ሦስተኛ ሳምንት ከሁለተኛው ጋር ሲነጻጸር 0 እና 0 ነው። ኮዱ ግን +100% ይላል። ሱቁ ተዘግቶ አረንጓዴ ቀስት ወደ ላይ ያሳያል ማለት ነው። ኮዱን አሁን እየተጠቀማችሁበት ከሆነ ዝግ የነበረ ሳምንት ፈልጋችሁ ካርዱን እዩት፤ ወዲያው ይታያችኋል።

ወደ 1 እንለፍ። ዜሮውን በ1 ከተካን ሥጋ ቤታችን ከ1 ወደ 1,400 ሄደ ማለት ነው፤ +139,900%። ቁጥሩ ትልቅ መሆኑ ብቻ አይደለም የሚያስጨንቀው። ያንኑ ሽያጭ በኩንታል ብንመዘግበው 14 ኩንታል ነው። ዜሮውን በ1 ስንተካ +1,300% ይወጣል። በቶን ብንመዘግበው 1.4 ቶን ነው፤ +40%። ያው ሥጋ፣ ያው ሱቅ፣ ያው ወር ነው። የለውጥ መቶኛ ዋና ጥቅሙ መለኪያው ምንም ይሁን ምን መልሱ አንድ መሆኑ ነው። በኪሎም በኩንታልም ብናሰላው ከ700 ወደ 1,400 መሄድ +100% ነው። 1ን ስናስገባ ግን «አንድ ምን?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አንድ ኪሎ? አንድ ኩንታል? አንድ ብር? መልሱን የሚወስነው ዳታቤዙን የሠራው ሰው ዓምዱን በምን መለኪያ እንደከፈተው ነው። ስለ ንግዱ ምንም አይነግረንም። በ1 ፋንታ 0.01 የሚጠቀሙም አሉ። ነገሩ አይለወጥም፣ ቁጥሩ ብቻ መቶ እጥፍ ገደማ ይገዝፋል።

ለሐቁ ያህል፣ ትንታኔ የሚሠሩ ሰዎች ሎጋሪዝም ከመውሰዳቸው በፊት ቁጥሮቹ ላይ ሁሉ 1 የሚጨምሩበት ጊዜ አለ። እሱ የታወቀ ዘዴ ነው። ጸሐፊው ምናልባት ከዚያ ወስዶት ይሆናል። ነገር ግን እዚያ የሚጨመረው ለሁሉም ነው፣ ውጤቱም በሞዴሉ ውስጥ ይቀራል። ለባለሱቅ «አደግክ» ብሎ የሚናገር ካርድ ላይ አይወጣም።

ከሦስቱ መፍትሔዎች እኔን በጣም የሚያሳስበኝ 0% ነው። 139,900% ያየ ሰው ይጠራጠራል። 0% ያየ ሰው ግን ያምናል፣ ጤነኛ ቁጥር ይመስላልና። 0% ማለት «ካለፈው ጋር እኩል ነው» ማለት ነው። 1,400 ኪሎ ብሎ ከሥሩ 0% የሚል ካርድ መጋቢትም 1,400 ነበር እያለ ነው። ከዝግ ወር ወጥቶ ዓመት በዓል ላይ የዋለን ሱቅ «ምንም አልተለወጠም» ይለዋል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው ሁለት ነገር እሰጣለሁ። አንደኛው ባዶ ካርድ ደንበኛን እንደሚያስደነግጥ ነው፤ ያስደነግጣል። መልሱ ግን የሐሰት ቁጥር መሙላት ሳይሆን ቃል መጻፍ ነው። በመቶኛው ቦታ «+1,400 ኪሎ፤ መጋቢት 0 ነበር» ብትሉ ካርዱ ውስጥ ይገባል፣ ትርጉሙም ሙሉ ነው። ብዙ ሰው «አዲስ» የምትል ቃል ያስቀምጣል። ከዚህ በፊት ፈጽሞ ተሸጦ ለማያውቅ ዕቃ ጥሩ ናት። ለሥጋ ቤታችን ግን አትሆንም፤ የካቲት ሲሸጥ የነበረ ሱቅ ሚያዝያ ላይ አዲስ አይባልም።

ሁለተኛው `COALESCE` ራሱ መጥፎ አለመሆኑ ነው። ትክክለኛ ቦታ አለው። ቦታው ግን መቶኛው ላይ ሳይሆን ድምሩ ላይ ነው። ይህ ወደ ዋናው ጉዳይ ያስገባኛል።

«ዜሮ ብርቅ ነው» የሚለው ከአራቱ ነጥቦች ቀላሉ ይመስላል። ለኔ ግን ሌሎቹ ሁሉ የተነሱት ከሱ ነው። ዜሮ ብርቅ ከሆነ ማንኛውም ማድበስበሻ ይበቃል። እኛ አገር ግን ዜሮ በድንገት አይመጣም፤ ቀን ቆጥሮ ይመጣል። ጾሙን አክብሮ የሚዘጋ ሥጋ ቤት ሁሉ በየዓመቱ ያውቀዋል። ረቡዕና ዓርብ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ ቀንን ከቀን የሚያነጻጽር ካርድ በየሳምንቱ ሐሙስና ቅዳሜ መነሻው ዜሮ ነው። ድሬዳዋም ሐረርም በረመዳን ቀን ላይ የሚዘጋ ፉል ቤት የቁርስ ሽያጩ ለአንድ ወር ዜሮ ይሆናል። በ2017 ረመዳን የካቲት መጨረሻ ገደማ ገብቶ መጋቢት ውስጥ ነው ያለቀው። የሥጋ ቤቱና የፉል ቤቱ ዜሮ ተደራርቦ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ብዙ ሰው ዜሮ አላጋጠመኝም የሚለው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ዜሮው ዳታቤዙ ውስጥ ስለማይጻፍ ነው። ሽያጭ ከሌለ ረድፍ የለም። መጋቢትን በወር ብትሰበስቡት 0 ብሎ አይመጣም፤ ጭራሽ አይመጣም። ከዚያ `LAG` ያለፈውን ወር እንዲያመጣ ታደርጋላችሁ። `LAG` ግን የሚያውቀው ያለፈውን ረድፍ ነው እንጂ ያለፈውን ወር አይደለም። ከሚያዝያ በፊት ያለው ረድፍ የካቲት ነው። ስለዚህ 1,400ን ከ900 ጋር አነጻጽሮ +55.6% ይላል። ከጎኑም «ካለፈው ወር» ብሎ ይጽፋል። ምንም ስህተት አይታይም። `Infinity` የለም፣ ቀይ መልእክት የለም፣ ቁጥሩም ልከኛ ነው። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ ግን አንድም ቦታ አልተነሳም።

የሚታወቅበት መንገድ አለ። ከቁጥሩ ጋር የወሩንም ተከታታይ ቁጥር በ`LAG` አምጡና ልዩነቱን እዩ። ከአንድ በላይ ከሆነ መሃል ላይ የተዘለለ ወር አለ። መፍትሔው የወራት ሠንጠረዥ ነው። የኢትዮጵያን ወራት ለሚጠቀም ሰው እሱ ለማንኛውም ያስፈልጋል፣ የዳታቤዙ `date_trunc` መጋቢትን አያውቅምና። ለእያንዳንዱ ወር ዓመት ሲለወጥም የማይቋረጥ ተራ ቁጥር ስጡት፣ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ሽያጩን ከሱ ጋር አገናኙ።

```sql
SELECT m.month_no,
  CASE WHEN m.logged
       THEN COALESCE(SUM(s.kg), 0)
  END AS kg
FROM months m
LEFT JOIN sales s
  ON s.sold_on BETWEEN m.starts AND m.ends
GROUP BY m.month_no, m.logged;
```

`COALESCE` ቦታው ይህ ነው። መጋቢት አሁን 0 ሆኖ ይመጣል። ከሱ በኋላ `LAG` የሚያመጣው እውነተኛውን ያለፈ ወር ነው።

`logged` የምትለዋ ዓምድ ለምን እንዳስፈለገች ልንገራችሁ። «አልተሸጠም» እና «አልተመዘገበም» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሽያጭ ማሽኑ ተበላሽቶ ወሩን ሙሉ በደብተር የሠራ ሱቅ ዳታቤዙ ውስጥ ረድፍ የለውም። እሱን 0 ብለን ከሞላነው በሚቀጥለው ወር ካርዱ «ከዜሮ ተነሳህ» ይለዋል፤ ሰውየው ግን ሲሸጥ ነበር የከረመው። ለሱ ትክክለኛው መልስ `NULL` ነው፤ ካርዱም «ያለፈው ወር አልተመዘገበም» ይበል። የትኛው እንደሆነ ከሽያጩ ሠንጠረዥ ብቻ አይለይም። ከወጪው ይለያል። ወሩን ሙሉ የበሬ መግዣና የቄራ ወጪ ተጽፎ ሽያጭ ከሌለ፣ ያልተመዘገበ እንጂ ያልተሸጠ አይደለም። ወጪውም ሽያጩም አብረው ከጠፉ ዝግ የነበረ መሆኑ ያመዝናል። ያኔም ቢሆን ባለቤቱን መጠየቅ ይሻላል።

እሺ፣ መጋቢት ዜሮ መሆኑን አወቅን፣ መቶኛውንም ደበቅነው። ባለቤቱ ግን ጥያቄ አለው፤ «ሥራዬ ጥሩ ነበር ወይስ አልነበረም?» ብዙ ሰው ወዲያው የሚሄደው ወዳምናው ተመሳሳይ ወር ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እስኪ እንየው። በ2016 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነበር። ስለዚህ ሥጋ ቤቱ በሚያዝያ 2016 የሠራው ከ27 እስከ 30፣ አራት ቀን ብቻ ነው። 420 ኪሎ ሸጠ እንበል። በሚያዝያ 2017 የሠራው ከ12 እስከ 30፣ 19 ቀን ነው። ከ420 ወደ 1,400 ስናሰላ +233.3% ይወጣል። ቀመሩ አልተሰበረም፣ ዜሮም የለም። ካርዱ ግን የሚለካው የፋሲካን መዘዋወር ነው እንጂ ሥጋ ቤቱን አይደለም።

ትክክለኛው ንጽጽር ከፋሲካ ቀን ጀምሮ መቁጠር ነው። የ2017ቱን 19 ቀን ከ2016ቱ 19 ቀን ጋር፦ ማለትም ከሚያዝያ 27 እስከ ግንቦት 15 ቀን 2016። በእነዚህ ቀኖች ውስጥ 1,480 ኪሎ ሸጦ ከነበረ፣ ለውጡ −5.4% ነው። ንጽጽሩ ፍትሐዊ የሚሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ስለዚህ በሁለቱም ዓመት 19ኙም ቀን የሥጋ ቀን ነው።

እስኪ አንድ ላይ አስቀምጧቸው። አንድ ሱቅ፣ አንድ ሚያዝያ፦ +100%፣ +139,900%፣ 0%፣ +55.6%፣ +233.3%፣ −5.4%። ባለቤቱ ለሚቀጥለው ዓመት ስንት በሬ እንደሚገዛ የሚወስነው በዚህ ቁጥር ከሆነ፣ የመጨረሻው ብቻ ነው የሚረዳው። እሱ ደግሞ መቀነሱን የሚናገረው ብቸኛው ነው።

ለፉል ቤቱም አካሄዱ ያው ነው፤ ከዒድ ማግሥት ጀምሮ መቁጠር። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ያምናው ተመሳሳይ ወር ለሱም አይሠራም።

ከዜሮው ይልቅ የሚያሳስብ አንድ ነገር አለ። ለዜሮ የቀረበ መነሻ። በ2016 ሑዳዴ የገባው መጋቢት 2 ነው። መጋቢት 1 እሑድ፣ ቅበላ ነበር። ሥጋ ቤቱ በዚያ ወር የሠራው አንድ ቀን ብቻ ነው። 90 ኪሎ ሸጠ እንበል። ሚያዝያ 420 ሲሸጥ ካርዱ +366.7% ይላል። በዜሮ አልተካፈለም፣ ስለዚህ ዜሮን ብቻ የሚፈትሽ ኮድ ምንም ሳይል ያሳልፈዋል። መነሻው ግን የአንድ ቀን ሽያጭ ነው። መስከረምን ከጳጉሜን ጋር የሚያነጻጽር ካርድም ይኸው ችግር አለበት፤ 30 ቀንን ከ5 ወይም ከ6 ቀን ጋር ማነጻጸር ነው።

እኔ የምጠቀመው መመዘኛ ሱቁ የተከፈተባቸውን ቀኖች ብዛት ነው። ያለፈው ወር የሥራ ቀኖች ከአሁኑ ግማሽ በታች ከሆኑ መቶኛውን አላሳይም፤ ልዩነቱንና የቀኖቹን ብዛት አሳያለሁ። ግማሽ የሚለው የኔ ምርጫ ነው፤ ለናንተ ሥራ ሌላ ልክ ሊሻል ይችላል። ልኩን ግን ካርዱን ከመሥራታችሁ በፊት ከባለቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑት። ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ከሆነ ሰው የሚወደውን ወደመምረጥ ይሄዳል።

የትርፍ ካርድ ላይ መነሻው ከዜሮ በታችም ሊሆን ይችላል። መጋቢት ኪራይ ተከፍሎ 20,000 ብር ኪሳራ፣ ሚያዝያ 10,000 ብር ትርፍ ቢሆን ቀመሩ −150% ይላል። ከኪሳራ ወደ ትርፍ ለወጣ ሰው ቀይ ቀስት ማሳየት ነው። አካፋዩን በ`ABS` ማድረግ ምልክቱን ያስተካክለዋል፤ ግን «የኪሳራ 150%» የሚባል ነገር ለማንም አይገባም። «+30,000 ብር» ብሎ መተው ይሻላል።

ይህን ሁሉ ኮድ ውስጥ ስናስገባው ረጅም አይደለም። ከታች `kpi` ያልኩት የአሁኑን ወር ቁጥር `cur`፣ በ`LAG` የመጣውን ያለፈውን ወር `prev` ብሎ የያዘ ሠንጠረዥ ነው። ዋናው ነገር መቶኛውን ብቻ ሳይሆን ሁኔታውንም አብሮ መላክ ነው። `NULL` ብቻውን ለምን `NULL` እንደሆነ አይናገርም። ጃቫስክሪፕት ላይ የሚያሰሉም ተመሳሳይ ነገር ያጋጥማቸዋል። 1,400ን ለ0 ሲያካፍሉ `Infinity`፣ 0ን ለ0 ሲያካፍሉ `NaN` ያገኛሉ። ወደ `JSON` ሲቀየሩ ግን ሁለቱም `null` ይሆናሉና ልዩነቱ መንገድ ላይ ይጠፋል።

```sql
SELECT cur, prev, cur - prev AS diff,
  CASE WHEN prev > 0
       THEN (cur - prev) * 100.0 / prev
  END AS pct,
  CASE
    WHEN cur IS NULL OR prev IS NULL THEN 'no_data'
    WHEN prev < 0 THEN 'negative'
    WHEN prev = 0 AND cur = 0 THEN 'both_zero'
    WHEN prev = 0 THEN 'from_zero'
    ELSE 'ok'
  END AS state
FROM kpi;
```

`100.0` የተጻፈው ሆን ተብሎ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ሙሉ ቁጥር ከሆኑና ማካፈሉ ከቀደመ ፖስትግሬስ ክፍልፋዩን ይቆርጠዋል፤ −5.4% የነበረው 0 ሆኖ ይወጣል። ያ 0% ደግሞ ከጽሑፉ 0% ጋር ሲያዩት አንድ ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

ካርዱን የሚሠራው ሰው `state`ን አይቶ ቃሉን ይመርጣል። `ok` ከሆነ መቶኛና ቀስት። `from_zero` ከሆነ ልዩነቱና «ያለፈው 0 ነበር»። `both_zero` ከሆነ «ሽያጭ የለም»፣ ያለ ቀስት። `no_data` ከሆነ «አልተመዘገበም»። `negative` ከሆነ ልዩነቱ በብር። የተከፈቱ ቀኖችን ከቆጠራችሁ የግማሹን ሕግ እንደ አንድ ተጨማሪ `WHEN` ከ`ELSE` በፊት ታስገባላችሁ፤ `pct`ንም በዚያው ትደብቃላችሁ።

ይህን ስታደርጉ አንድ ቦታ ላይ ተጠንቀቁ። ፖስትግሬስ ከትልቅ ወደ ትንሽ ሲደረድር `NULL`ን ከላይ ነው የሚያስቀምጠው። ጉበቱን ከ100% አውጥተን እንደገና አንደኛ እንዳናደርገው `ORDER BY pct DESC NULLS LAST` በሉ። ከዜሮ የተነሱትን ዕቃዎች ለብቻቸው አውጥታችሁ በ`diff` ደርድሯቸው፤ ጉበቱ 2 ኪሎ፣ ሥጋው 1,400 ኪሎ ሆነው በየቦታቸው ይቀመጣሉ።